ለአዲስ ቡና ቤት የመክፈቻ ሳምንት ሪል፦ ለቢሮ ሠራተኛ የሚሆን ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አነስ ያለች ቡና ቤት ልትከፍቱ ነው እንበል። በዙሪያው ባንኮችና ቢሮዎች አሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ደንበኞቻችሁ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የሚሆን አጭር ቪዲዮ መሥራት ትፈልጋላችሁ።

ብዙ ሰው ስልኩን አንስቶ በቀጥታ ወደ መቅረጽ ይገባል። የፋሲል ግቢ ይታያል፣ ቀጥሎ ቡና ሲቀዳ፣ ቀጥሎ ወንበርና ጠረጴዛ፣ በመጨረሻ «ውድ ደንበኞቻችን ኑና ጎብኙን» ይባላል። ለቱሪስት ይሆን ይሆናል። የቢሮ ሠራተኛው ግን ግንቡን በየቀኑ ያየዋል፣ ቡናም አዲስ ነገር አይደለም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወጥቼ፣ ጠጥቼ፣ አለቃዬ ሳይፈልገኝ እመለሳለሁ ወይ? ስክሪፕቱ ይህን ጥያቄ ከመለሰ በቂ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ሰዓት ያዙ

ከመጻፋችሁ በፊት መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት። ሠራተኞቹ ከሚወጡበት በር ተነሱና እስከ ቤታችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩ። በሩጫ ሳይሆን ከባልደረባ ጋር እያወሩ በሚኬድበት አካሄድ ይሁን። ከዚያ ከማዘዝ እስከ ስኒው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ያለውን ጊዜ ያዙ። ይህን ባዶ ቤት ውስጥ አትለኩት። ዘመድና ጓደኛ ሰብስቡ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘዙ፣ ግማሹ ማኪያቶ ግማሹ የጀበና ይበል። የሻይ ሰዓት ሲደርስ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው።

በምሳሌ እንየው። መንገዱ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ቡናው በሁለት ደቂቃ ይቀርባል፣ ሰው ሲበዛ ግን አምስት ይደርሳል። መጠጣትና ትንሽ መጫወት ስድስት፣ መመለስ ደግሞ ሦስት። ባዶ ቤት ላይ ከተማመናችሁ ድምሩ አሥራ አራት ስለሚሆን «ሩብ ሰዓት» ለማለት ይቃጣችኋል። በተጨናነቀው ሰዓት ግን አሥራ ሰባት ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ የሚባለው «ሃያ ደቂቃ» ነው። ሩብ ሰዓት ተብሎ የመጣና ዘግይቶ የተመለሰ ሰው ራሱም አይደግም፣ ቢሮው ውስጥም ያወራል። ሃያ ተብሎ በአሥራ ሰባት የተመለሰ ደግሞ በማግሥቱ ሰው አስከትሎ ይመጣል።

ግብዣው ለአንድ ሰው አይሁን

የመክፈቻ ቅናሽ ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣው «በአንድ ስኒ ይህን ያህል ብር ቀንሰናል» ማለት ነው። እኔ አልመክረውም። የቢሮ ሰው ብቻውን ቡና አይወጣም። ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ አንዱ ለሁሉም ይከፍላል፣ ነገ ደግሞ ሌላው። ስለዚህ ግብዣውን ከዚህ ልማድ ጋር አስኪዱት፦ ሦስት ሆነው ከመጡ ሦስተኛው ስኒ የቤቱ ግብዣ ይሁን። ለአንድ ሰው የነገራችሁት ወሬ ሁለት ሰው ይዞ ይመጣል። ከፋዩም የሁለት ስኒ ሂሳብ ከፍሎ ሦስት ሰው ይጋብዛል።

የሚያበቃበትን ቀን በግልጽ ጻፉ። «እስከ አርብ» ብቻ አይበቃም። ቪዲዮው በሚቀጥለው ሳምንትም እየዞረ ይታያል፣ ያየው ሰውም የትኛው አርብ እንደሆነ አያውቅም። የወሩን ስምና ቀኑን አስገቡ። ዋጋን ግን ቪዲዮው ውስጥ አታስገቡ። ዋጋ ይለወጣል፣ ቪዲዮ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይታረምም። ከሥር በሚጻፈው መግለጫ ላይ ካሰፈራችሁት በፈለጋችሁ ጊዜ ታስተካክሉታላችሁ።

ስክሪፕቱ ራሱ

ርዝመቱን ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ሰከንድ ያዙት። የአማርኛ ቃል ረዘም ስለሚል በአንድ ሰከንድ ሁለት ቃል ብላችሁ አስሉ። ከዚያ ካለፈ ተናጋሪው ይጣደፋል። ከታች ያለው የሃያ አራት ሰከንድ ነው፣ የሚነገረው ግን ሃያ ስድስት ቃል ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ ለቡናው ድምፅ የተተወ ነው። ቤቷ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳትርቅ በአንዲት ቅያስ ውስጥ እንዳለች አድርጌ ጽፌዋለሁ። እናንተ በራሳችሁ ምልክት ቀይሩት።

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ፦ ሁለት ሦስት ሰዎች ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው ብቻ ይታያል። የጫማ ድምፅ ይሰማል። ድምፅ፦ «ሃያ ደቂቃ አላችሁ?» ያው ቃል በትልቁ ተጽፎ ይታያል።

ከ3 እስከ 10፦ ካሜራው ከሰዎቹ ኋላ ሆኖ መንገዱን ሳያቋርጥ ይከተላል፤ ፍጥነቱ በኤዲቲንግ ይጨመራል። የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ሲደርስ ግን በተለመደው ፍጥነት ይሄዳል። ድምፅ፦ «ከፖስታ ቤቱ ተነስታችሁ ቀኝ ያዙ። ሁለተኛዋ ቅያስ ውስጥ ነን። የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው።»

ከ10 እስከ 15፦ ከጀበና ወደ ስኒ ሲቀዳ በጣም ቀርቦ ይታያል። ተናጋሪ የለም፣ የሚቀዳው ቡና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጽሑፍ፦ «የጀበና ቡና። ማኪያቶ። የጾምም አለ።»

ከ15 እስከ 20፦ ሦስት እጆች ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ስኒ ያነሳሉ። ድምፅ፦ «ሦስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሦስተኛው ስኒ የኛ ግብዣ ነው።» ጽሑፍ፦ «ሦስት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሦስተኛው ስኒ የኛ ግብዣ»፣ ከሥሩ ግብዣው የሚያበቃበት ቀን።

ከ20 እስከ 24፦ የቤቱ በርና ስሙ ከውጭ። ድምፅ፦ «በሰዓታችሁ ትመለሳላችሁ።» ጽሑፍ፦ የቤቱ ስም፣ ከሥሩ «ከፖስታ ቤቱ በቀኝ፣ ሁለተኛዋ ቅያስ»።

አቅጣጫው ሁለት ጊዜ የመጣው ሆን ተብሎ ነው። ቢሮ ውስጥ ብዙ ሰው ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። በድምፅ የተነገረው ዋና ነገር ሁሉ በጽሑፍም መኖር አለበት። ጽሑፉን እናንተው በእጃችሁ ጻፉት፣ ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ፤ ቀጭን ፊደል ስልክ ላይ «ሰ»ን ከ«ሱ»ና ከ«ሲ» አይለይም። የስክሪኑን ታችና የቀኝ ጠርዝ ባዶ ተዉት። እዚያ የአካውንቱ ስም፣ መግለጫውና የላይክ ምልክቶቹ ይቀመጡበታል፣ የጻፋችሁትን ይሸፍኑታል።

ረቡዕና አርብን አትርሱ። ጎንደር ውስጥ ጿሚው ብዙ ነው። የወተት አረፋ እየታየ የሚጀምር ቪዲዮ በጾም ቀን ለግማሹ ተመልካች «ይህ ቤት ላንተ አይደለም» ይለዋል። ከላይ ያለው ስክሪፕት በጀበና የሚሄደው ለዚህ ነው። ማኪያቶውን ማሳየት ከፈለጋችሁ ለብቻው ቅረጹትና ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በሚለጠፈው ላይ ብቻ አስገቡት። መክፈቻው ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ላይ ከዋለ ደግሞ ወተቱን ጭራሽ ተዉት። «የጾምም አለ» የምትሉት በእርግጥ ካለ ብቻ ነው።

ሲቀረጽ

ስልኩን አቁማችሁ ያዙ፣ ሌንሱን በጨርቅ ጥረጉ። ጠዋት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከጎን ይምጣ፤ ከስኒው ኋላ ከሆነ ቡናው ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ ምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ መሳይ መስመር ካያችሁ የአምፖሉ ብልጭታ ነው። አምፖሉን አጥፉና በመስኮቱ ብርሃን ሥሩ።

የቡናውን ድምፅ ለብቻው ቅዱ። ማሽኑም ሬዲዮውም ጠፍቶ ስልኩን ወደ ስኒው አስጠጉት። የታወቀ ዘፈን ከሥር ማስገባት ያጓጓል፣ ነገር ግን የንግድ አካውንት ሁሉንም ዘፈን መጠቀም አይፈቀድለትም፣ ቪዲዮው ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። የራሳችሁ ጀበና ድምፅ ይህ ችግር የለበትም።

የመሥሪያ ቤት በር ላይ ስትቀርጹ ጥበቃዎቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። ካልፈቀዱ አትከራከሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ጀምሩ። እግርና እጅ ብቻ የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ የማንም ፊት ያለፈቃዱ አይወጣም።

ከመለጠፉ በፊትና በኋላ

ቤቱን የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። ቪዲዮውን ድምፅ አጥፍታችሁ አንዴ ብቻ አሳዩት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ቤቱ የት ነው? ግብዣው እስከ መቼ ነው? የመጀመሪያውን ካልመለሰ ጥፋቱ የመንገዱ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ ያለውን ምስል አንድ ሰከንድ አስረዝሙት። ሁለተኛውን ካልመለሰ ቀኑን አጉሉት።

መጀመሪያ እሑድ ማታ ልጠፉት፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰው ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በቴሌግራም ላኩት። ቢሮዎቹ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ በባልደረቦቹ ግሩፕ እንዲያስገባላችሁ ጠይቁት። ሊንክ ሳይሆን ቪዲዮው ራሱ ይላክ፣ መጠኑም አነስ ይበል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ሊንክ ተከትሎ አይሄድም።

ስንት ሰው አየው የሚለው ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ሆኖ ያየ ሰው ለሻይ ሰዓት አይመጣም። ይልቁንስ ሂሳብ የሚቀበለው ሰው አጠገቡ ወረቀት ይኑረው፣ ሦስት ሆነው የገቡትን «በምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቅና ምልክት ያድርግ። አስተያየት ላይ «የት ነው?» የሚል ጥያቄ ከበዛ መንገዱ አልገባቸውም ማለት ነው። መልሱን ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ።

አርብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍቱ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስለሆነ ረዘም ይላል። ለዚያ ቀን የመጀመሪያውን ሦስት ሰከንድ ብቻ ቀይሩ፦ «ዛሬ ምሳ ሰዓቱ ረዘም ይላል።» ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ያለውን የግብዣውን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡ። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ መንገዱን፣ ቡናውንና በሩን ስለያዘ ለቀጣዩም ወር ይሆናችኋል።