የመሰላል ሰርኪት አቻ ሬዚስታንስ እንዴት ይሰላል?

ሬዚስተሮች እንደ መሰላል ተደርድረው ሲታዩ ብዙ ጀማሪ ይደነግጣል። ስሌቱ ግን ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። የሚያስቸግረው የትኛው ከየትኛው ጋር በሲሪየስ እንደተያያዘ መለየቱ ነው። አንድ መሰላል ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

መጀመሪያ ሥዕሉን በእርሳስ ገልብጡት።

```
A ──R1──●──R3──●──R5──┐
        │      │      │
        R2     R4     R6
        │      │      │
B ──────●──────●──────┘

R1 = 3 Ω    R2 = 12 Ω
R3 = 8 Ω    R4 = 6 Ω
R5 = 4 Ω    R6 = 8 Ω
```

ጥያቄው ከA እስከ B ያለው ሁሉ በአንድ ሬዚስተር ቢተካ ስንት ኦም ይሆናል የሚል ነው። በሲሪየስ ያሉትን ትደምራላችሁ። በፓራለል ያሉ ሁለት ሬዚስተሮችን ደግሞ አባዝታችሁ ለድምራቸው ታካፍላላችሁ። ይህ አቋራጭ የሚሠራው ለሁለት ብቻ ነው። ሦስት ሲሆኑ መጀመሪያ ሁለቱን፣ ከዚያ ውጤቱን ከሦስተኛው ጋር አስሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ፈተና ላይ መጣልኝ። R1፣ R3 እና R5 በአንድ መስመር ተሰልፈው ስላየሁ ደመርኳቸውና 15 አገኘሁ። ወደ ታች የሚወርዱትን ሦስቱን ደግሞ ፓራለል ናቸው ብዬ 2.67 አወጣሁ። በድምሩ 17.67 ኦም ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው መልስ 9 ነበር።

ሲሪየስ ማለት በአንድ መስመር ላይ መሳል አይደለም። በአንዱ ሬዚስተር ያለፈው ከረንት ምንም ሳይጎድል በሌላውም ሲያልፍ ነው ሲሪየስ የሚባለው። እዚህ ግን R1ን ያለፈው ከረንት መገናኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ይከፈላል። ከፊሉ በR2 ይወርዳል፣ የተረፈው ወደ R3 ይቀጥላል። ስለዚህ R1 እና R3 ሲሪየስ አይደሉም።

ለማጣራት ጣታችሁን ሁለቱ ሬዚስተሮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ አድርጉ። እዚያ የሚገናኙትን መስመሮች ቁጠሩ። ሁለት ብቻ ከሆኑ ሲሪየስ ናቸው፤ ሦስተኛ መስመር ካለ አይደሉም። ለፓራለል ደግሞ ሁለቱም ጫፎቻቸው በባዶ ሽቦ መገናኘት አለባቸው። R2 እና R4 ከታች ይገናኛሉ፣ ከላይ ግን R3 መሃላቸው ገብቷል። ስለዚህ ፓራለል አይደሉም።

በዚህ መንገድ ሥዕሉን ስትፈትሹ የሚያልፉት R5 እና R6 ብቻ ናቸው። ከA እና B በጣም ከራቀው ጫፍ የምንጀምረውም ለዚህ ነው።

```
R5 + R6:        4 + 8 = 12
ከR4 ጋር ፓራለል:  (12 × 6) / (12 + 6) = 4
ከR3 ጋር ሲሪየስ:  4 + 8 = 12
ከR2 ጋር ፓራለል:  (12 × 12) / (12 + 12) = 6
ከR1 ጋር ሲሪየስ:  6 + 3 = 9 Ω
```

ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ሥዕሉን እንደገና ሳሉት። ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፣ ግን የተዋጡትን ሬዚስተሮች ደግሞ ከመቁጠር ያድናል። R5 እና R6 ወደ 12 ኦም ከተቀየሩ በኋላ በሥዕሉ ላይ መኖር የለባቸውም። ሁሉንም በአንዴ ካልኩሌተር ውስጥ ማስገባትን አልመክርም፤ ስህተቱ የት እንደገባ አይታይም።

መልሱን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። ከA ስትገቡ R1ን ማለፍ ግድ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከ3 መብለጥ አለበት። R2 ደግሞ በፓራለል ሌላ መንገድ ስላለው ብቻውን ከሚሰጠው 12 በታች ይሆናል። ስለዚህ መልሱ ከ15 ማነስ አለበት። የእኔ 17.67 በዚህ ብቻ ይያዝ ነበር።

ሌላው መጠንቀቂያ መለኪያው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጥያቄው በR6 ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቢጠይቅና A ክፍት ቢሆን፣ R1 ውስጥ ከረንት አያልፍም። ከስሌቱ ይወጣል፣ መልሱም ሌላ ይሆናል። ሁለቱን መነሻ ነጥቦች በቀለም አክብባችሁ ጀምሩ።

በእጃችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ስድስት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ብሬድቦርድ ላይ በዚሁ ቅርጽ ሰኩ። ባትሪ አታገናኙ፤ መልቲሜትር ኦም የሚለካው በራሱ ባትሪ ስለሆነ የውጭ ኃይል ንባቡን ያበላሻል። በስሌት የሚወጣው 1625 ኦም ነው። ሬዚስተሮቹ የወርቅ ቀለበት ካላቸው የ5 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ከ1544 እስከ 1706 ያለው ንባብ ትክክል ነው። 2000 ካነበባችሁ ግን ከR2 ወዲያ ያሉት በሙሉ ከመስመሩ ተለያይተዋል፤ ቀሪው R1 እና አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም መንገድ ብቻ ሲሆን የሚመጣው ቁጥር ይህ ነውና R3ን አስቀድማችሁ ነካ ነካ አድርጉ።