ፖርትሬት ላይ ሻሽ፣ ጉትቻና ማተብ ሲጨመሩ ሥዕሉን የሚያበላሹ ስህተቶች

ፊቱ አምሮ ካለቀ በኋላ ጌጥ ሲጨመርበት ሥዕሉ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ጌጡ የተሣለው ወረቀቱን ተከትሎ እንጂ ጆሮውንና አንገቱን ተከትሎ አይደለም። ነገሩን ለማየት በደብረ ብርሃን ገበያ የምትታይ አንዲት እናት እንውሰድ። ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፣ ነጠላ ደርባለች፣ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ፣ አንገቷ ላይ የብር መስቀል ያለው ጥቁር ማተብ አለ። ፊቷ ወደ ቀኟ ዞሯል፤ ስለዚህ የሚታየን ግራ ጆሮዋ ነው። ጭንቅላቷም ወደ ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከአናቷ እስከ አገጯ በወረቀቱ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

ሻሹን ከቅንድብ በላይ ወዲያው መጀመር

ፀጉሩ ስለማይታይ መለኪያ የጠፋ ይመስልና አናቱ ይቆረጣል። ዓይን የሚያርፈው በአናትና በአገጭ መካከል፣ እዚህ ላይ 8ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። መጀመሪያ ራሱን ያለ ፀጉርና ያለ ጨርቅ በስስ መስመር ይሣሉት፤ ሻሹን ከዚያ መስመር ውጭ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ያልብሱት፤ ከሥሩ ሹሩባ አለና። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከዓይን እስከ ሻሹ ጫፍ ያለው ርቀት ከዓይን እስከ አገጭ ካለው ካልበለጠ፣ አናቱ ተቆርጧል።

የጨርቁ እጥፋቶችም ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች አይደሉም። ከግንባር ተነሥተው ወደ ማጅራት ቋጠሮው ይሰበሰባሉ። ጠርዙ በጆሮው ላይ ሲያልፍ የጆሮውን የላይኛውን ክፍል ይጫነዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ካልታየ ጆሮው የጠፋ ይመስላል።

ጉትቻውን ከጭንቅላቱ ጋር ማዘንበል

ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ሲታይ ጆሮ ከቅንድብ መስመር እስከ አፍንጫ ግርጌ ይደርሳል፤ በእኛ ልክ ከላይ ሲቆጠር በግምት ከ7 እስከ 11.5 ሴንቲ ሜትር። ጭንቅላቱ ሲያዘነብል እነዚህ መስመሮችም አብረው ያዘነብላሉ፣ የጆሮው ጫፍም ይከተላቸዋል። ተንጠልጣዩ ጉትቻ ግን እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉትቻውን ከመንጋጋው መስመር ጋር ትይዩ አድርጎ ነው። ጆሮ ላይ የሚጣበቀው ትንሹ ጉትቻ ብቻ ነው ከጆሮው ጋር የሚያዘነብለው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። እናታችን ወደ ቀኝ ስላዘነበለች የግራው ጉትቻ ወደ መንጋጋዋና ወደ አንገቷ ይጠጋል፣ ቆዳውንም ይነካል። ስለዚህ ጥላው ቀጭን፣ ጥቁርና ከጉትቻው ጠርዝ ጋር የተጣበቀ ይሁን። ወደ ግራ ብታዘነብል ኖሮ ጉትቻው ከአንገቷ ርቆ ይንጠለጠል ነበር፤ ጥላውም ራቅ ብሎ፣ ጠርዙ ለስለስ ብሎ ያርፍ ነበር። ጥላውን በተሳሳተ ቦታ ማስቀመጥ ጉትቻውን በተሳሳተ ቦታ ከመሣል አይሻልም። ቀዳዳውንም በጆሮው ጫፍ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ሥጋው መካከል ያድርጉት።

ማተቡን ከአገጭ ሥር እንደ ቅስት ማንጠልጠል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አንገት እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከትከሻ ተነሥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከኋላ ያለው ሥሩ ከፊት በሁለቱ የአንገት አጥንቶች መካከል ካለው ጉድጓድ ከፍ ይላል። ስለዚህ ክሩ ከማጅራት ከፍ ብሎ ተነሥቶ ወደ ፊት ይወርዳል። ሁለቱን ጫፎች በአንድ ከፍታ ላይ ካስቀመጡ፣ ማተቡ ሥዕሉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

መጀመሪያ ይህን ጉድጓድ ይፈልጉ። ፊት ሲዞር አገጭ አብሮ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ግን ከደረት ጋር ይቀራል። መስቀሉ የሚያርፈው በዚህ ጉድጓድ አቅጣጫ ነው እንጂ በአገጩ አቅጣጫ አይደለም። ፊቷ ወደ ቀኝ ስለዞረ ደግሞ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ተነሥቶ ወደዚህ ጉድጓድ የሚወርደው ጡንቻ ጎልቶ ይወጣል። ክሩ በላዩ ሲያልፍ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ካለፈው በኋላ ወደ ጉሮሮው ገባ ይላል። ይህች ትንሽ መታጠፍ ከሌለች አንገቱ ጠፍጣፋ ይመስላል።

አንገት ላይ ልክክ ያለ አጭር ክር የአንገቱን ክብነት ይከተላል። ረዝሞ ከባድ መስቀል ሲይዝ ግን ክብደቱ ስለሚስበው ሁለቱ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይገናኛሉ።

የነጠላውን ጥለት በማስመሪያ ማስመር

ነጠላ ስስ ስለሆነ የሻሹና የትከሻው ቅርጽ ከሥሩ ይታያል። ጥለቱ እጥፋት ውስጥ ሲገባ ይቋረጣል፣ ሲወጣም ከነበረበት መስመር ፈቀቅ ብሎ ይቀጥላል። ማተቡም ነጠላው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከሥሩ ይገባል፤ እዚያ ትንሽ ጥላ ይጨምሩ። የመንዝን ብርድ የለመደች ሴት ነጠላውን በወፍራም የበግ ፀጉር ባና ከተካችው፣ እጥፋቱ ጥቂትና ሰፊ ይሆናል፤ የአንገቷም ቅርጽ ከሥሩ አይታይም።