አቶሙ ልክ ነው፣ ቻርጁስ? የኬሚካል እኩልዮሽ ሚዛኑን መጠበቁን እንዴት እናረጋግጣለን

የኬሚካል እኩልዮሽ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በግራና በቀኝ ያሉትን አቶሞች ይቆጥርና እኩል ሆነው ካገኛቸው እርሳሱን ያስቀምጣል። አዮን የሌለበት እኩልዮሽ ከሆነ ሚዛኑን ለማረጋገጥ ይህ ይበቃል። አዮን ሲኖርበት ግን አይበቃም፤ አቶም በአቶም ተቆጥሮ ምንም የማይጎድለው፣ ሆኖም ፈጽሞ የተሳሳተ እኩልዮሽ መጻፍ ይቻላልና። የሚከተለው ፐርማንጋኔት በአሲድ ውስጥ ከብረት አዮን ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ለመግለጽ የተጻፈ ነው።

```
MnO₄⁻ + Fe²⁺ + 8H⁺ → Mn²⁺ + Fe³⁺ + 4H₂O
```

ሲያዩት ደህና ይመስላል። አሁን ደረጃ በደረጃ እንፈትሸው።

1. ቁጥሮቹን መለየት

አብዛኛው የቆጠራ ስህተት የሚመጣው ከመደመር ሳይሆን ከንባብ ነው። በአንድ ቀመር ዙሪያ ሦስት ዓይነት ቁጥሮች አሉ። ከፊት የሚቆመው ቁጥር ከኋላው ያለውን ቀመር በሙሉ ያባዛል፤ 4H₂O ማለት 8 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን ነው። ከግርጌ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር የሚመለከተው ከእርሱ በፊት ያለውን አቶም ብቻ ነው፤ ቅንፍን ተከትሎ ከመጣ ግን በቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያባዛል። ስለዚህ Al₂(SO₄)₃ ውስጥ 2 አሉሚኒየም፣ 3 ሰልፈርና 12 ኦክስጅን አለ።

ሦስተኛው ከላይ በቀኝ በኩል የሚጻፈው ቻርጅ ነው። ይህ የአዮኑ የጋራ ንብረት እንጂ የአንድ አቶም አይደለም። MnO₄⁻ በጠቅላላው −1 ነው፤ አራት ኦክስጅን ስላለው −4 አይሆንም። የግርጌ ቁጥር ቻርጅን አያባዛም፤ የፊት ቁጥር ግን ያባዛል።

2. አቶሞቹን መቁጠር

በሁለቱም ወገን ያሉትን ንጥረ ነገሮች በሙሉ በአንድ ዓምድ ዘርዝረን፣ ግራውን ጨርሰን ወደ ቀኙ እንሄዳለን። ቀኙን ስንቆጥር የግራውን ውጤት በእጅ መሸፈን ጥሩ ልማድ ነው፤ የሚጠበቀውን ቁጥር አስቀድሞ ያወቀ ዓይን ያንኑ ቁጥር ማየት ይቀናዋል።

```
        ግራ    ቀኝ
Mn       1     1
Fe       1     1
H        8     8
O        4     4
```

ሁሉም እኩል ነው። ፈተናው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኩልዮሹ አልፎ ነበር።

3. ቻርጁን መደመር

ለእያንዳንዱ አዮን የፊት ቁጥሩን በቻርጁ እናባዛለን፣ ከዚያም ምልክቱን ሳንዘነጋ እንደምራለን። እንደ ውሃ ያለ ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ዜሮ ነው።

```
ግራ፦ (−1) + (+2) + 8 × (+1) = +9
ቀኝ፦ (+2) + (+3) + 0       = +5
```

እኩልዮሹ ወደቀ። በግራ +9 የነበረው በቀኝ +5 ሆኗል ማለት 4 ኤሌክትሮኖች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ቀኙ ላይ ተገኝተዋል ማለት ነው። ኤሌክትሮን ደግሞ በኬሚካላዊ ለውጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ ከምንም አይፈጠርም። ሁለቱ ድምሮች ዜሮ መሆን እንደማይጠበቅባቸው ልብ እንበል፤ የሚጠበቀው እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ብቻ ነው። ዜሮ ያልሆኑት በለውጡ ያልተሳተፉት አዮኖች፣ ለምሳሌ ከአሲዱ ጋር የመጣው ሰልፌት፣ እዚህ ስላልተጻፉ ነው።

4. ከልዩነቱ ስህተቱን ማግኘት

ይህ ልዩነት ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም ይነግረናል። አንድ Fe²⁺ በግራ፣ አንድ Fe³⁺ በቀኝ ብንጨምር የብረት አቶሞች እኩል እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ ግራው ግን በ2፣ ቀኙ በ3 ስለሚያድግ ልዩነቱ በ1 ይጠባል። ልዩነቱ 4 ስለሆነ አራት ብረት ያስፈልጋል፤ ከነበረው ጋር አምስት ይሆናል።

```
MnO₄⁻ + 5Fe²⁺ + 8H⁺ → Mn²⁺ + 5Fe³⁺ + 4H₂O

ግራ፦ −1 + 10 + 8 = +17
ቀኝ፦ +2 + 15     = +17
```

አቶሞቹንም እንደገና መቁጠር ይገባል፤ የፊት ቁጥር በተነካ ቁጥር የቀድሞው ቆጠራ ዋጋ የለውም። እዚህ የተለወጠው ብረት ብቻ ነው፤ 5 በ5 ነው።

ድምሩን ለማስማማት ሲባል የአዮኑን ቻርጅ ወይም የግርጌውን ቁጥር መለወጥ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። Fe³⁺ን ወደ Fe²⁺ መቀየር ሒሳብ ማስተካከል ሳይሆን ሌላ አዮን መጻፍ ነው። በተጠናቀቀ እኩልዮሽ ላይ e⁻ ከቀረም ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ኤሌክትሮን መቀበሉን ወይም መስጠቱን ብቻ ለይቶ የሚያሳየው የግማሽ እኩልዮሽ ጉዳይ የተለየ ነው፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሮኑ ራሱ እንደ −1 ይቆጠራል። በMnO₄⁻ + 8H⁺ + 5e⁻ → Mn²⁺ + 4H₂O ግራው −1 + 8 − 5 = +2 ነው፤ ቀኙም +2 ነው።

ሁለቱም ፈተናዎች የማይደርሱበት ስህተት

አቶምም ቻርጅም ልክ ሆኖ እኩልዮሹ የተሳሳተ ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ በደንብ መታወቅ ያለበትም ይህ ነው። ፐርማንጋኔት በአሲድ ውስጥ ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

```
2MnO₄⁻ +  H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 3O₂ + 4H₂O
2MnO₄⁻ + 5H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 5O₂ + 8H₂O
```

በመጀመሪያው ኦክስጅን 10 በ10፣ ሃይድሮጅን 8 በ8 ነው። በሁለተኛው ኦክስጅን 18 በ18፣ ሃይድሮጅን 16 በ16 ነው። ማንጋኒዝ በሁለቱም 2 በ2፣ ቻርጁም በሁለቱም +4 በ+4 ነው። ሁለቱንም ፈተና ሁለቱም ያልፋሉ፤ ትክክለኛው ግን ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ብቻውን ወደ ውሃና ኦክስጅን ሊፈርስ መቻሉ ነው፦ 2H₂O₂ → 2H₂O + O₂። ይህ በራሱ የተመጣጠነ ስለሆነ በላዩ ላይ የፈለግነውን ያህል ጊዜ ብንደምር ወይም ብንቀንስ ቆጠራው አይናጋም። ከላይ ያሉት ሁለቱ እኩልዮሾች የሚለያዩትም በትክክል በዚህ ሁለት እጥፍ ነው።

የሚለያቸው የኤሌክትሮን ሽግግሩ ነው። ማንጋኒዝ የኦክሲዴሽን ቁጥሩ ከ+7 ወደ +2 ሲወርድ 5 ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ ሁለቱ ማንጋኒዞች 10 ይቀበላሉ። አንድ H₂O₂ ወደ O₂ ሲለወጥ 2 ኤሌክትሮን ይሰጣል። 10 ለመስጠት አምስት ያስፈልጋሉ፤ በሁለተኛው እኩልዮሽ ላይ ያለውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ያለው አንድ H₂O₂ ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው 2 ነው፤ ስለዚህም ከሦስቱ O₂ ሁለቱ ከፐርማንጋኔቱ ኦክስጅን እንደወጡ መቁጠር ይኖርብናል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ግን የሚወጣው የኦክስጅን ጋዝ የሚመጣው ከፐሮክሳይዱ ነው።

ስለዚህ በግራ ያለ አንድ ውህድ ብቻውንም መፍረስ የሚችል፣ የሚፈርስባቸው ውጤቶችም በቀኝ የተጻፉ ከሆነ፣ አቶምና ቻርጅ ከቆጠርን በኋላ የተሰጠውንና የተወሰደውን ኤሌክትሮን ለብቻ ማስላት ግድ ነው።