አንድ ቪዲዮ ለአማርኛም ለእንግሊዝኛም ተመልካች፦ ሰብታይትልና የድምፅ ትርጉም እንዴት እንደሚሠራ

ደሴ ዙሪያ የሱፍ ባና የሚሠሩ አንድ አባባን ቀርጸን 11 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ሠራን። ቆረጥን፣ ሙዚቃ አስገባን፣ አለቀ ብለን ቡና አፈላን። ከበረካው በፊት ሁለት ጥያቄ መጣ። ውጭ አገር የተወለዱት የአባባ የልጅ ልጆች አማርኛ አይሰሙም፤ እዚህ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ ለ40 ሰከንድ ያህል በእንግሊዝኛ የምትናገረውን ባና ገዢ አይሰሟትም። ያለቀው ሥራ እንደ አዲስ ሦስት ሳምንት በላ። አብዛኛው ጊዜ የሄደው መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን ኋላ በማድረጌ ነው።

አሁን የምከተለው መንገድ ይሄ ነው፦ ወደ እንግሊዝኛ በጽሑፍ፣ ወደ አማርኛ በድምፅ። የልጅ ልጆቹ የአያታቸውን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ፤ በሌላ ሰው እንግሊዝኛ ከሸፈንነው የቀረጽነው ለምን ነበር? እዚህ ሰፈር የሚያዩት ግን አንዷ ቡና እየቆላች፣ ሌላው ከበሩ ቆሞ፣ እናቴ ደግሞ ያለ መነጽር ናቸው። እነሱን አንብቡ ማለት አይሆንም።

1. ድምፁን ለየብቻ አውጡ

ከምንም በፊት ይሄን አድርጉ። ከኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ሦስት የድምፅ ፋይል አውጡ፦ የሚናገሩ ሰዎች ብቻ፣ ሙዚቃ ብቻ፣ የአካባቢው ድምፅ ብቻ። ሦስቱም ከቪዲዮው መጀመሪያ ይጀምሩ፣ እኩል ርዝመት ይኑራቸው፤ ያኔ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ስትደርቧቸው ቦታቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ምስሉንም ስምና ርዕስ ሳይጻፍበት አንድ ቅጂ አስቀምጡ። በአማርኛ የተጻፈ የአባባ ስም ምስሉ ላይ ከታተመ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ እሱው ላይ ይወጣል።

እኔ ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ይዤ ፕሮጀክቱን ላፕቶፑ ሞላብኝ ብዬ አጠፋሁት። ከዚያ አማርኛውን ለማስገባት የገዢዋን ድምፅ ዝቅ ሳደርግ ሙዚቃው አብሮ ወረደ፤ እሷ ስትጨርስ ደግሞ ሙዚቃው ዘሎ ይነሳል። አንድ ላይ የተቀላቀለ ድምፅ እንደተቦካ ሊጥ ነው፣ ውሃውን መልሳችሁ አታወጡትም። ያን ክፍል ከጥሬው ቀረጻ እንደገና ቆርጬ ሠራሁት።

2. ምስሉን ቁረጡና እጃችሁን አንሱ

ሰብታይትል ከተጀመረ በኋላ ምስሉ አይነካ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 4 ሰከንድ ብትቀንሱ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ 4 ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል። የግድ ከሆነ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ከተቆረጠበት ቦታ በኋላ ያሉትን መስመሮች መርጣችሁ ባንዴ 4 ሰከንድ ቀደም ብለው እንዲወጡ አድርጓቸው። አንድ በአንድ ማስተካከል እብደት ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

3. የተባለውን በአማርኛ እንደተባለ ጻፉ

ከጆሮ ወደ እንግሊዝኛ በቀጥታ አትዝለሉ። እንግሊዝኛውን የሚያርምላችሁ ሰው ቪዲዮውን ላያየው ይችላል፤ አማርኛው አጠገቡ ካለ ግን ስህተቱን ይይዘዋል።

4. መተርጎምና መከፋፈል

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፦ ባንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፣ አንዱ መስመር ከ42 የእንግሊዝኛ ፊደል አይለፍ፣ ተመልካቹ በሰከንድ 17 ፊደል ያህል ያነባል ብላችሁ አስቡ። ከ1 ሰከንድ ያነሰ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ከ7 ሰከንድ በላይ የቆየ ደግሞ ሰው ሁለቴ እንዲያነበው ያደርጋል። ሰብታይትል ኤዲት ከልኩ ያለፈውን በቀለም ያሳያችኋል።

ልኬቱ የማይነግራችሁ የግሱን ነገር ነው። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ ቶሎ ይናገረዋል። አባባ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ያረጀ ባና ጭናቸው ላይ ዘርግተው እንዲህ ይላሉ፦ «ይሄን ባና… ሚስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የፈተለችውን…»። ከዚያ ዝም። እጃቸው ሱፉን ይዳብሳል። ቆይተው «አልሸጠውም» ይላሉ።

የመጀመሪያው ትርጉሜ ሰዋስዉ የተስተካከለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ሚስቴ የፈተለችውን ይሄን ባና አልሸጠውም የሚል፣ በእንግሊዝኛ ደንብ «አልሸጠውም» ከፊት ሆኖ። አባባ አፋቸውን ሲከፍቱ ሙሉው ወጣ። ለአንድ አማርኛ ለማይሰማ ወጣት አሳየሁትና ዝምታው ጋ ስንደርስ ስልኩን አየ። ምን ያድርግ፣ መልሱን አንብቦ ጨርሷል። ስለዚህ አባባ በሚተነፍሱበት ቦታ ሰበርኩት፦

```
41
00:06:12,300 --> 00:06:14,100
This blanket...

42
00:06:14,300 --> 00:06:17,900
...the one my wife spun,
God have mercy on her...

43
00:06:21,400 --> 00:06:23,000
I won't sell it.
```

በ42ኛውና በ43ኛው መካከል ያለውን ሦስት ሰከንድ ተኩል ተመልከቱት። እዚያ ምንም ጽሑፍ የለም፤ ሰውየው ዝም ካሉ ጽሑፉም ዝም ይበል። እንግሊዝኛው ትንሽ ይንገዳገድ ይሆናል፤ ግን አንባቢው ከአባባ እኩል ይደርሳል። ይሄን ሁሉም መስመር ላይ ማድረግ አያስፈልግም። ሱፉ እንዴት እንደሚታጠብ ሲናገሩ የእንግሊዝኛውን ሥርዓት ተከትላችሁ ሂዱ። ዓረፍተ ነገሩ ማለቂያው ላይ የሚያዞር ነገር ሲኖረው ብቻ እንደ አነጋገሩ ስበሩት።

ቁጥር ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። አባባ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» አሉ። እኔም 77ን አይቼ 1977 ብዬ ጻፍኩ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ምን እንዳሉ ያውቃል፤ የእንግሊዝኛውን አንባቢ ግን በሱ አቆጣጠር ከድርቁ 7 ዓመት በፊት ያደርሰዋል። መጻፍ ያለበት 1984-85 ነው፣ የኛ 1977 ከመስከረም እስከ መስከረም ሲሄድ የነሱን ሁለት ዓመት ስለሚነካ። ሰዓትም እንዲሁ፤ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን» ያሉት በእንግሊዝኛው 8 AM ተብሎ ካልተጻፈ ሱፉ በሌሊት የሚታጠብ ይመስላል። «አብሽር ልጄ» የሚለውን ግን ትርጉሙን ፍለጋ መዝገበ ቃላት አትግለጡ። ካሜራው ወድቆብኝ ስደነግጥ ነው ያሉኝ፤ አትጨነቅ ከሚል ያለፈ አያስፈልገውም።

5. ወደ አማርኛ በድምፅ

የገዢዋን 40 ሰከንድ መጀመሪያ ስተረጉመው «የዲዛይን ለውጥ አላደረግንም፤ የጠየቅነው አነስተኛ መጠን እንዲኖረው ብቻ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ዜና ሆነ፤ ከሷም ንግግር ረዘመ። በአፍ እያልኩት ስሄድ «አሠራሩን አልነካነውም፤ አነስ አድርጉልን ብቻ ነው ያልነው» ሆነ። ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ሰዓት እየያዛችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከሷ ንግግር ከረዘመ ቃል ቀንሱ። አንባቢውን አታስቸኩሉት፣ ጥድፊያ ወዲያው ይሰማል።

የከንፈሯን እንቅስቃሴ ለመግጠም አትልፉ። ገዢዋ በራሷ ድምፅ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ትናገር፣ ከዚያ ድምፅዋ 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል፣ አማርኛው ይግባ፣ እሷ ከመጨረሷ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ያብቃ። መጨረሻዋ ላይ የራሷ ድምፅ ሲመለስ ሰዉ ትርጉሙን ያምነዋል። ያነበበችልን ኮምቦልቻ የምትኖር የጓደኛዬ እህት ናት። አንድ ማስታወቂያ አንባቢ ሞክረን ነበር፤ ባና ሳይሆን ሳሙና የሚሸጥ መሰለ።

ለቀረጻ ስቱዲዮ አይለመን። የሚያስቸግረው ቆርቆሮው ነው። ክረምት ላይ ደሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ከጀመረ ቀኑ አለቀ፤ በማለዳ ወይም ማታ ሰፈሩ ሲተኛ ቅረጹ። ላፕቶፑን ሞልታችሁ ከመብራቱ ንቀሉት፣ ከቻርጀሩ የሚመጣው እዝዝታም አብሮ ይቀራል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን፤ አለበለዚያ «ጰ»ና «ፐ» ማይኩን ይመቱታል። ግድግዳው እንዳያስተጋባ እኛ ሁለት ባና ሰቀልን። ከአንባቢዋ ኋላና ከማይኩ ኋላ። ከስፖንጅ ይበልጣል ብዬ እምላለሁ።

6. ማውጣት

አማርኛ ያለበትን ድምፅ ቀላቅላችሁ አንድ ፋይል ካደረጋችሁ በኋላ ምስሉን እንደገና አታስወጡት። በአሮጌ ላፕቶፕ ሰዓታት ይፈጃል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ። ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም ድምፁን ብቻ የሚቀይር ትእዛዝ ይሄ ነው፣ ደቂቃ አይሞላም፦

```
ffmpeg -i bana.mp4 -i mix_am.wav -map 0:v -map 1:a -c:v copy -c:a aac -b:a 192k bana_am.mp4
```

ዩቲዩብ ላይ ቻናላችሁ ሁለተኛ ድምፅ መጨመር ከቻለ አንድ ቪዲዮ ይበቃል፤ ካልቻለ ሁለት አድርጋችሁ ጫኑ። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ምስሉ ላይ አታትሙ፣ የ`.srt` ፋይሉን ለብቻው ስጡት። ስህተት ስታገኙ ፋይሉን ብቻ ትቀይራላችሁ።

በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ለሚታይ ግን ይሄ ላይሠራ ይችላል፣ በተለይ የአማርኛ ጽሑፍ ከጨመራችሁ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ስልሳ ሰው ፊት ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣብኝ፤ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። ለዚያ ቅጂ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት፦

```
ffmpeg -i bana_am.mp4 -vf "subtitles=am.srt:force_style='FontName=Noto Sans Ethiopic'" -c:a copy bana_tv.mp4
```

ከሳጥን ይልቅ ጥያቄ ምልክት ከወጣ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም፤ ፋይሉ ሲቀመጥ `UTF-8` አልተመረጠም። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ደግሞ አማርኛውን የጻፈላችሁ የጽሕፈት ቤት ልጅ በድሮው የግዕዝ ፊደል ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ያ ፊደል ካልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም፣ እንደገና ማስጻፍ ነው። ሦስቱንም ቤት ውስጥ ለማወቅ ፍላሹን ጎረቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ስድስተኛውን ደቂቃ ክፈቱ።