በጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ጥግ ለምን ይሰነጠቃል?

በአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራው ቤታችን በአንድ ጥጉ ብቻ በሰያፍ ይሰነጠቅ፣ በክረምትም የዚያ ክፍል በር አልዘጋ ይል ነበር። ስንጥቁ ያለው የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ውሃውን ከሚያፈስበት ቦታ አጠገብ በመሆኑ፣ ጥርጣሬዬ ከግድግዳው ይልቅ በውሃው ላይ አረፈ። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ መሠረቱ ሥር ሲገባ ጥቁሩ አፈር ያብጥና ጥጉን ያነሳል፣ በበጋ ደግሞ ይኮማተራል።

በመጀመሪያ አሸንዳውን አጽድቼ፣ በሲባጎና በውሃ ልክ እየለካሁ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል አደረግሁ። ከመውረጃው ጫፍም የቱቦ መታጠፊያ ገጥሜ፣ ውሃውን በፕላስቲክ ቱቦ ከግድግዳው 3 ሜትር አርቄ ወደ ግቢው ቦይ ለቀቅሁት።

ከዚያ በቤቱ ዙሪያ ያለውን መሬት በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ሞላሁት። ለሙሌቱ አሸዋ ወይም ጠጠር ርካሽ ቢመስልም ውሃውን አሳልፎ ወደ መሠረቱ ስለሚያስገባ፣ ቀይ አፈር በስሱ እየደለደልኩ ጠቀጠቅሁ፤ ግድግዳው እርጥበት እንዳይስብም ሙሌቱን ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ አቆምኩ። አንድ ባልዲ ውሃ ግድግዳው ሥር ሲደፋ ሳይጠራቀም ወደ ውጭ ፈሰሰ። ስንጥቁን ግን አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ መስፋቱን ማቆሙ እስኪረጋገጥ ድረስ አልለስነውም።