የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ፦ ያላመናችሁትን ሳታምኑ መልስ መስጠት

አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ 200 ኤምዲኤፍ ጣውላ አንዱን በ2,400 ብር በዱቤ ወሰደ እንበል። ድምሩ 480,000 ብር ነው። 30ው ውሃ ነክቶት አብጦ ስለነበር በማግስቱ መለሰ፤ የሻጩ መጋዘን ሠራተኛም መረከቡን ፈርሞለታል። ከወራት በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ፦ 480,000 ብር ከነ48,000 ብር መቀጫው በ15 ቀን ውስጥ ይከፈል። ውሉ ግን ስለ መቀጫ አንድም ቃል የለውም።

ችግር፦ የጻፋችሁት መልስ ፍርድ ቤት ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባችሁ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። «ለመዘግየቱ ይቅርታ እየጠየቅን ዕዳችንን በቅርቡ እንከፍላለን» ብላችሁ ጽፋችኋል። የትኛው ዕዳ? ሌላ ነገር ስላልጻፋችሁ ከሳሹ 528,000ውን ሙሉ አምነዋል ይላል። በዚያ ላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 መሠረት ዕዳን ማመን ይርጋን፣ ማለትም ሻጩ መክሰስ የሚችልበትን የጊዜ ገደብ፣ ያቋርጣል፤ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ «መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» ማለት ደግሞ ከላይ በግልጽ ያመናችሁትን አይሰርዝም።

መፍትሄው ድምሩን መበተን ነው። ለእያንዳንዱ ሒሳብ የየራሱን መልስ ስጡ፤ እንዲህ፦

«የ170 ኤምዲኤፍ ዋጋ 408,000 ብርን በተመለከተ ክርክር የለንም። የ30ው ዋጋ 72,000 ብር ግን ዕቃው ተበላሽቶ ስለተመለሰ አይመለከተንም፤ የመመለሻው ሰነድ ቅጂ ተያይዟል። 48,000 ብር መቀጫውም በውላችን ላይ መሠረት የለውም። ከዚህ ውጪ በደብዳቤው የተጠቀሰውን አናምንም።»

ይቅርታም ሆነ «ችግር ገጥሞን ነው» የሚል ማብራሪያ እዚህ ቦታ የለውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ «ምንም ወለድ የለብንም» ብላችሁ አትጻፉ። ውሉ ዝም ቢልም፣ ለዘገየ ገንዘብ ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ያሰላል። የምትከራከሩት መቀጫውን ነው።

ችግር፦ ያመናችሁትን ከፈላችሁ፣ ሻጩ ግን ለመቀጫው አዋለው

ምክንያቱ የባንክ ማስተላለፊያው ላይ የክፍያው ምክንያት ባዶ መሆኑ ነው። «ለደረሰኝ ቁጥር እከሌ፣ የ170 ኤምዲኤፍ ዋጋ» ብላችሁ ሙሉ። ደብዳቤው ላይም ይህንኑ ድገሙት። መደራደር ከፈለጋችሁ ያንን በሌላ ደብዳቤ አድርጉት፤ ከመልሱ ጋር ከተቀላቀለ፣ ለሰላም ብላችሁ ያቀረባችሁት ገንዘብ እንደ ታመነ ዕዳ ይነበባል።

ችግር፦ «መልስ አልሰጡም» ተባላችሁ

ደብዳቤው ሄዷል፣ ግን መድረሱን የሚያሳይ የለም። ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያለው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን ጠበቃው ቢሮ አስረክባችሁ በእናንተው ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን እንዲያሰፍር አድርጉ። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩና ደረሰኙን ከፋይሉ ጋር አያይዙ። ይህ ሁሉ 15ቱ ቀን ሳያልቅ ነው።