ለሳምቡሳ የትኛው ዘይት ይሻላል? ጀሪካኑን አዙረን እንይ

ድሬዳዋ ላይ ዘይት በዓይን አይለይም። ደጋ አገር ፓልም ዘይት የገዛ ሰው ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ያገኘዋል። እዚህ ሙቀቱ አያረጋውም፤ ከሱፍ ዘይት ጎን ቢቀመጥ ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው። ስለዚህ ከቀፊራ ገበያም ግዙ ከታይዋን ገበያ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ።

1. ሥዕሉን ተዉትና ጀሪካኑን አዙሩት። ፊቱ ላይ የሱፍ አበባ ተስሎ፣ ከኋላ ግን ይዘቱ “የአትክልት ዘይት” ብቻ ከሆነ ምን እንደሆነ አልነገሯችሁም ማለት ነው። የፓልም ዘይት “ፓልም ኦሌይን” ተብሎም ይጻፋል። ቅልቅል ከሆነ በብዛት ያለው ነው የሚቀድመው። “ኮሌስትሮል የለውም” የሚለውን እለፉት፤ የኮሌስትሮል ነገር የእንስሳት ስብ ጣጣ ነው፣ የአትክልት ዘይት ሁሉ በዚህ እኩል ነው።

2. አጣራሩን እዩ። “የተጣራ” ከተባለ አሲዱ፣ ቀለሙና ሽታው ወጥቶለታል። እንዲህ ያለው ዘይት የሚጨሰው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሳምቡሳ ደግሞ የሚጠበሰው ከ170 እስከ 180 ባለው ነው። ከመጭመቂያ ቤት የሚመጣው ያልተጣራ የኑግ ዘይት ለወጥ ግሩም ነው፣ ለሳምቡሳ ግን ቶሎ ይጨሳል።

3. ከተጠራጠራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከየዓይነቱ ጥቂት በብርጭቆ አስቀምጡ። ጠዋት ፓልሙ ደፍርሶ ወይም ረግቶ ይገኛል፤ የተጣሩት ሱፍና አኩሪ አተር አብዛኛውን ጊዜ ጥርት እንዳሉ ናቸው። ሐረር ላይ በብርድ ወራት ያለ ፍሪጅም ሊደፈርስ ይችላል። መርጋቱ ግን ዘይቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

4. ለሥራው ምረጡ። ፓልም ኦሌይን ውስጥ ያለው የሚረጋው ዓይነት ስብ 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ስብ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ ለልብ ግን አይመከርም። የተለመደው የሱፍ ዘይት ተቃራኒው ነው፤ ለልብ ይሻላል፣ ደጋግመው ሲያሞቁት ግን ቶሎ ይደክማል። ረመዳን ላይ ለሽያጭ ማታ ማታ ሳምቡሳ ለሚጠብስ ሰው ፓልሙ ያዋጣል። ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ለሚጠብስ ሱፍ ይበቃል፤ እኔ ሱፍን እመርጣለሁ።

5. ጠብሳችሁ አወዳድሩ። እኩል ዘይት፣ አንድ ዓይነት መጥበሻ። ቁራጭ ሊጥ ጣሉበት፤ ወዲያው እየፈላ ብቅ ካለ ሙቀቱ ደርሷል፣ ወዲያው ከጠቆረ አልፏል። ጠብሳችሁ ስትጨርሱ አቀዝቅዛችሁ ፍርፋሪውን አጥልሉ፤ ዘይቱን ቶሎ የሚያጠቁረው እሱ ነው። በቀጣዩ ጥብስ ዳር ላይ የማይጠፋ ደቃቅ አረፋ ከያዘ፣ የመጥበሻው ጠርዝ ካጣበቀ፣ ወይም በለመደው እሳት ከጨሰ፣ ያ ዘይት አብቅቶለታል። አዲስ ጨምራችሁበት ለማዳን አትሞክሩ፤ አሮጌው አዲሱንም ያበላሸዋል።